በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት ሴሚስተር ለማቋረጥ ለሬጅስትራር የሚጻፍ ማመልከቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ውስጥ መስኮት ላይ ለዓመታት ሰርቻለሁ። ከመስኮቱ ማዶ ይቆሙ የነበሩትን ልጆች ፊት አሁንም አልረሳሁትም። እናቷ የታመመችባት፣ አባቱ የሞተበት፣ ታናናሾቹን የሚይዝለት ሰው ያጣ። የአብዛኞቹ ችግር እውነት ነበር። ደብዳቤያቸው ግን ያንን እውነት አይናገርም ነበር። ከሁሉም የሚያሳዝኑኝ ደግሞ አንድ ወረቀት ሳይጽፉ ሻንጣቸውን ይዘው የሄዱት ናቸው። ከዓመት በኋላ ሲመለሱ የምንሰጣቸው መልስ አልነበረንም። እነዚያን እያሰብኩ ነው ይህን የጻፍኩት።

ዝም ብሎ ከመሄድና ዊዝድሮው ከመሙላት መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለቱም ማቋረጥ አይደለም ወይ?

ለእናንተ ሁለቱም ማቋረጥ ነው። ለመዝገቡ ግን ፈጽሞ አይገናኙም።

ዊዝድሮው የሞላ ተማሪ በፈቃድ የወጣ ተማሪ ነው። ፋይሉ ውስጥ የወጣበት ቀን፣ ምክንያቱና የሚመለስበት ጊዜ አለ። በዚያ ሴሚስተር የጀመራቸው ኮርሶች በውጤቱ ላይ አይቆጠሩበትም። ሲመለስ የሚጠይቀው ዳግም ቅበላ፣ ተማሪዎች ሪአድሚሽን የምትሉት፣ በአብዛኛው የአሠራር ጉዳይ ነው።

ዝም ብሎ የሄደው ግን ስሙ መምህራኑ ዝርዝር ላይ እንዳለ ነው። ሚድ ተፈትኖ ፋይናል ላይ የለም። መምህሩ ሰውየው የት እንዳለ አያውቅም፤ የሚያውቀው ያልመጣ ተማሪ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ኤንጂ ወይም ኤፍ ሆኖ ይገባል። አምስት ስድስት ኮርስ እንደዚህ ሲሆን ድምር ነጥቡ ይወርድና ተማሪው በውጤት የተባረረ ይሆናል። እናቱን ሲያስታምም የከረመ ልጅ መዝገቡ ላይ ሰነፍ ተማሪ ሆኖ ይገኛል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ለማስተካከል ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም አይስተካከልም።

አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው የማቋርጠው። ስንት ጊዜ እዘገያለሁ?

ብዙዎች የማይጠይቁት፣ ግን ከሁሉም በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። መልሱ በአብዛኛው አንድ ዓመት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን አንድ ባች አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያ ሴሚስተር ኮርሶች በመጀመሪያ ሴሚስተር፣ የሁለተኛው በሁለተኛ ይሰጣሉ። በዓመት አንዴ ማለት ነው። ስለዚህ የሁለተኛውን ሴሚስተር ያቋረጠ ተማሪ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ቢመጣ የሚማረው ነገር አይኖረውም። ጓደኞቹ ወደሚቀጥለው ዓመት አልፈዋል። ከኋላው የሚመጡት ደግሞ የሚማሩት እሱ የጨረሰውን ነው። የጎደሉት ኮርሶች የሚከፈቱት በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነው።

ከጓደኞቼ ጋር ልለፍና የጎደለውን ኋላ እሞላዋለሁ የሚሉ አሉ። አንዳንዴ ይቻላል። የሚከለክለው የቅድመ ሁኔታ ኮርስ ነው፤ ማለትም አንዱን ሳያልፉ ቀጣዩን መውሰድ የማይፈቀድበት ኮርስ። ከአራት ዓመት ፕሮግራም ውስጥ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚያህል ኮርስ ጎድሎ እንዲህ ያለ ግጭት አለመኖሩ ከባድ ነው። በዚያ ላይ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከሆናችሁ የመውጫ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ እሱ የመጀመሪያ ዲግሪ አይሰጥም። ከየትኛው ባች ጋር እንደምትቀመጡም ከወዲሁ መታወቅ አለበት።

ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ የኮርስ ዝርዝሩን ውሰዱ። ከአድቫይዘራችሁ ጋር አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ። የምትመለሱበትን ሴሚስተር በእጃችሁ ቆጥራችሁ ድረሱበት። በዓመት መዘግየት ከሆነ ውሳኔያችሁ ሊለወጥ ይችላል። ሌላ አስታማሚ ከአክስት ቤት ማስመጣት ወይም ወጪውን ከዘመድ ጋር መካፈል ከዓመቱ ይቀል ይሆናል። ካልቀለለ ደግሞ ቢያንስ አውቃችሁት ትገባላችሁ።

ደብዳቤውን መቼ ላስገባ?

ከግቢ ሳትወጡ። የአካዳሚክ ካሌንደሩ ላይ ዊዝድሮው የሚሞላበት የመጨረሻ ቀን አለ። ከዚያ በፊት መሆን አለበት። ቀኑ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይና ፖርታሉ ላይ ይወጣል።

ከምዝገባ በፊት ብታስገቡ ከሁሉም ይሻላል። ምንም ኮርስ አልተከፈተባችሁም፣ ምግብና መኝታም አልተቆጠረባችሁም። ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ ፋይናል ሳይደርስ ይሁን። ፈተናው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው የገባ ማመልከቻ ምንም ያህል እውነት ቢሆን ከፈተና መሸሽ ይመስላል። መስኮት ላይ የተቀመጠው ሰው እንደዚያ ያሉ ብዙ አይቷል።

አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር። ላለመመዝገብ ወስናችሁ ቤት ብትቀሩም ማመልከቻው ያስፈልጋል። ‹‹አልተመዘገብኩም፤ ስለዚህ የማቋርጠው ነገር የለኝም›› የሚሉ አሉ። ሲስተሙ የሚያየው ሊመዘገብ ሲገባው ያልተመዘገበ ተማሪ ነው። ያም ያለ ፈቃድ ያቋረጠ ተብሎ ይዘጋል።

ደብዳቤው ውስጥ ምን ይግባ?

አንድ ምሳሌ ይዤ ልሂድ። ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፤ ግን እንዲህ ያለው በየዓመቱ ይመጣል።

የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እናቷ ጥር ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አባት የሉም። ሁለት ታናናሾች አሏት። መጀመሪያ ያመጣችው ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ሙሉ ስለ ቤተሰቡ ድህነትና ስለ ልፋቷ ነበር። ልብ ይነካል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ‹‹በደረሰብኝ ከባድ የቤተሰብ ችግር ምክንያት ትምህርቴን መቀጠል ስላልቻልኩ እንድትተባበሩኝ›› ይላል። በዚያው አበቃ።

ይህ ደብዳቤ ተመለሰባት። የጨከነባት ሰው አልነበረም። ደብዳቤው የሚወሰን ነገር ስላልነበረው ነው። የትኛውን ሴሚስተር? መቼ ትመለሳለች? ማን ታመመ? ከእሷ ሌላ አስታማሚ ለምን ጠፋ? ‹‹መቀጠል ስላልቻልኩ›› የሚለውም አደገኛ ነው። ሲነበብ ለዘለዓለም መልቀቅ ይመስላል። እሷ የፈለገችው ለጊዜው መውጣት ነበር።

ሁለተኛው ይህን ይመስል ነበር፦

ቀን፦ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ(ዩኒቨርሲቲው ስም) ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
(ከተማ)

ጉዳዩ፦ በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት የ2017 ዓ.ም. 2ኛ ሴሚስተር ትምህርቴን ለጊዜው ለማቋረጥ ፈቃድ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች (ሙሉ ስም ከነአያት)፣ የመታወቂያ ቁጥር (…)፣ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል የ3ኛ ዓመት መደበኛ ተማሪ ነኝ። የ1ኛ ሴሚስተር ትምህርቴን አጠናቅቄያለሁ። ለ2ኛ ሴሚስተር ገና አልተመዘገብኩም።

ወላጅ እናቴ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ያለ ረዳት መንቀሳቀስ እንደማይችሉ ሐኪማቸው በጽሑፍ አረጋግጠዋል። አባቴ በሕይወት የሉም። የ9 እና የ13 ዓመት ታናናሾች አሉኝ። በቤቱ ውስጥ ለአካለ መጠን የደረስኩት እኔ ብቻ በመሆኔ እናቴን የማስታመምና ልጆቹን የመያዝ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወድቋል።

ስለዚህ የ2017 ዓ.ም. 2ኛ ሴሚስተር ትምህርቴን በሕጋዊ መንገድ አቋርጬ፣ ኮርሶቹ በድጋሚ በሚሰጡበት በ2018 ዓ.ም. 2ኛ ሴሚስተር ተመልሼ እንድቀጥል ይፈቀድልኝ ዘንድ በትህትና እጠይቃለሁ።

አባሪ፦ የሕክምና ማስረጃ 1 ገጽ፣ የቀበሌ ማስረጃ 1 ገጽ፣ የ1ኛ ሴሚስተር ውጤት 1 ገጽ

ከሠላምታ ጋር
(ፊርማ፣ ስም፣ ስልክ ቁጥር)

ግልባጭ፦ ለአካውንቲንግና ፋይናንስ ትምህርት ክፍል

አንድ ገጽ አይሞላም። ግን እያንዳንዱ አረፍተ ነገር ሥራ አለው። የመጀመሪያው አንቀጽ ፋይሏን ለማግኘት ነው። ‹‹ገና አልተመዘገብኩም›› የሚለው ደግሞ መዝገቡ ላይ የሚነካ ኮርስ እንደሌለ ለኃላፊው ይነግረዋል። ሁለተኛው አንቀጽ ሁለት ነገር ያሳያል፦ ምን እንደደረሰና ለምን ሌላ ሰው ሊሸከመው እንደማይችል። ብዙ ደብዳቤ የሚወድቀው ሁለተኛውን ስለሚረሳ ነው። እናት መታመማቸው ብቻውን ልጅቷ ለምን ቤት መቀመጥ እንዳለባት አያስረዳም። አባት አለመኖራቸውና የልጆቹ ዕድሜ ነው የሚያስረዳው።

ሦስተኛው አንቀጽ የደብዳቤው ልብ ነው። የምትወጣበትም የምትመለስበትም ሴሚስተር ተጽፏል። የእናት ሕክምና ሦስት ወር ሆኖ እረፍቱ ለምን ዓመት እንደሆነም ‹‹ኮርሶቹ በድጋሚ በሚሰጡበት›› በሚለው ሐረግ ተመልሷል። ይህ ደብዳቤ ሲጸድቅ መመለሷም አብሮ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ከዓመት በኋላ ስትመጣ ከባዶ አትጀምርም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። እናቷን አንቱ ብላ ነው የጻፈችው። ቤት ውስጥ አንቺ ብትላትም በጽሑፍ እንዲህ ያምራል።

ማስረጃው ምን መሆን አለበት? ቀበሌ የሚሰጠው ይበቃል?

እንደ ጉዳዩ ነው። ሕመም ከሆነ የሐኪም ማስረጃ ዋናው ነው። ቀበሌ ሕመምን ሊመሰክር አይችልም። ቀበሌ የሚመሰክረው የቤተሰቡን ሁኔታ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን በሕይወት እንደሌለ፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው ማን እንደሆነ። ሁለቱ ሲደጋገፉ ነው ሙሉ የሚሆኑት።

የሆስፒታሉ ወረቀት የሐኪሙ ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና የተቋሙ ማህተም ይኑረው። ከዚያ በላይ ግን አንድ ነገር አስጽፉ። ብዙ ወረቀት የበሽታውን ስም ብቻ ይጽፋል። ሬጅስትራር ውስጥ ሐኪም የለም። የበሽታ ስም አይቶ ስንት ወር እንደሚያስተኛ የሚያውቅ ሰው አታገኙም። ስለዚህ ሐኪሙን በአክብሮት ‹‹አስታማሚ እንደሚያስፈልጋቸውና ለስንት ጊዜ እንደሆነ ይጻፉልኝ›› በሉት። በእኛ ሆስፒታሎች ያለ አስታማሚ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን ሐኪሙ ከማንም በላይ ያውቃል። መድኃኒት የሚገዛው፣ ምግብ የሚያመጣው፣ ሌሊት የሚያነሳው አስታማሚው ነው። ብዙዎቹ ሳያመነቱ ይጽፉላችኋል።

ቀበሌ ስትሄዱ ቤተሰቡ የተመዘገበበት ቀበሌ መሆን አለበት። ግቢው ያለበት ከተማ ቀበሌ አይሠራላችሁም። ብዙ ቦታ ምስክሮች ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ደብዳቤው ‹‹ለሚመለከተው ሁሉ›› ከሚል ይልቅ ለዩኒቨርሲቲያችሁ ሬጅስትራር ተብሎ በስም ቢጻፍ ይሻላል። ክልላችሁ በሌላ ቋንቋ የሚሠራ ከሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሬጅስትራሩ ትርጉም ሊፈልግ ይችላል። ለትርጉም ብሎ ከወሎ ወይም ከባሌ ድጋሚ መመላለስ ከባድ ነው።

ሞት ከሆነ የሞት የምስክር ወረቀት አለ። ሐዘን ላይ ሆኖ ወረቀት ማሰብ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ዘመድ ይላክ።

የቤተሰቤን ገመና ሁሉ መዘርዘር አለብኝ?

የለባችሁም። የደብዳቤው ሥራ ማሳመን ነው፤ መናዘዝ አይደለም። ደብዳቤው በብዙ እጅ ያልፋል። መዝገብ ቤት፣ ጸሐፊዋ፣ ትምህርት ክፍሉ፣ ዲኑ። በጥላቻ የተጣሉ ወላጆች፣ የአልኮል ሱስ፣ ቤት ውስጥ ድብደባ፣ ሰው የማይነገረው ሕመም ካለ፣ ደብዳቤው ላይ ‹‹ዝርዝሩ በአባሪው ማስረጃ ተገልጿል›› ብላችሁ ማስረጃውን በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው ስጡ። ወይም ዝርዝሩን በአካል ማስረዳት እንደምትችሉ ጻፉ። ይህን የጠየቀ ተማሪ ተንቆ አያውቅም፤ እኔ በነበርኩበት ቢሮ እንኳ።

በተለይ ለሴት ተማሪዎች ይህን እላለሁ። ቤት ውስጥ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠራው ሴቷ ልጅ ናት። ወንድሟ በዚያው ከተማ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንኳ እሷ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር ትጠራለች። ደብዳቤውን ጻፉ ብዬ ልረዳችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ‹‹ከእኔ ሌላ ማን አለ?›› የሚለውን ጥያቄ ቤተሰቡ ፊት አንዴ አንሱት። ሬጅስትራሩም መጠየቁ አይቀርም።

የምፈልገው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ወይም የሚያመልጠኝ ፈተናው ብቻ ነው። ዊዝድሮው ልሙላ?

አትሙሉ። ለአጭር ጊዜ ከትምህርት ክፍሉ ፈቃድ ይጠየቃል፤ መምህራኑም በጽሑፍ ይነገራቸዋል። ሴሚስተሩን ሙሉ ተምራችሁ ፋይናል ላይ ብቻ ችግር ከገጠማችሁ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ማስረጃ ይዛችሁ ውጤታችሁ ኢንኮምፕሊት እንዲሆንና ማካካሻ ፈተና እንዲሰጣችሁ ታመለክታላችሁ። ይህም ቀነ ገደብ ስላለው ከፈተናው በኋላ ቶሎ መቅረብ አለበት። አሥራ አራት ሳምንት የተማረ ተማሪ በአንድ ሳምንት ምክንያት ዓመት ሲያጣ ያማል። አማራጩ መኖሩን ሳያውቁ ዊዝድሮው የሞሉ ልጆች ነበሩ።

ደብዳቤው ገባ። ቀጥሎ ምን ይሆናል?

ደብዳቤው ብቻውን ዊዝድሮው አይደለም። በር መክፈቻ ነው። ከጸደቀ በኋላ የዊዝድሮው ፎርም ይሰጣችኋል። ፎርሙ ላይ አድቫይዘር፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ዲንና ሬጅስትራር ይፈርማሉ። ከዚያ ክሊራንስ አለ። ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል፣ ያበደሯችሁ ሁሉ ‹‹ዕዳ የለበትም›› ብለው ይፈርሙላችኋል። ፍራሽና ቁልፍ ለፕሮክተሩ መልሱ። መታወቂያ ካርዳችሁንም ታስረክባላችሁ። የኮስት ሼሪንግ ውል የሞላችሁ ከሆነ የተማራችሁበት ጊዜ ብቻ እንዲያዝ ቢሮው ሄዳችሁ አረጋግጡ። ሴሚስተሩ እንደጀመረ ወጥታችሁ የሙሉ ዓመት ወጪ ተመዝግቦባችሁ ቢገኝ ኋላ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አያልቅም። ዲኑ ስብሰባ ላይ ነው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰው ምሳ ወጥቷል። ሁለት ሦስት ቀን ያዙለት።

አሁን የምናገረው ትንሽ ነገር ይመስላል። ደብዳቤውን ስታስገቡ ሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱን መዝገብ ቤት ትሰጣላችሁ። ሌላው ላይ ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ፣ ማህተም አስመትታችሁ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። የሞላችሁትን ፎርም ኮፒም እንዲሁ። ፋይል ይጠፋል። ሠራተኛ ይቀየራል። ሲስተም ይለወጣል። እኔ በነበርኩበት ቢሮ አንድ ልጅ ዊዝድሮው መሙላቱን የሚያሳይ ነገር ከእኛ ዘንድ ጠፍቶ፣ ከቤቱ ባመጣው ማህተም ያለበት ኮፒ ብቻ ተመልሷል። ቤት ስትደርሱ ፎቶ አንሱትና ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት። እናታችሁ ሳጥን ውስጥም ይቀመጥ።

ቤት ነኝ፤ መመለስ አልችልም። ሌላ ሰው ሊያስጨርስልኝ ይችላል?

ብዙ ቦታ ይቻላል። ግን ዝም ብሎ የዶርም ጓደኛን መላክ አይሠራም። ውክልና ያስፈልጋል። በአካባቢያችሁ ባለ የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ወይም ይህን ሥራ በሚሠራ የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ይሰጣል። ውክልናው ላይ ‹‹በዩኒቨርሲቲው ቀርቦ የዊዝድሮው ፎርም እንዲሞላልኝ፣ ክሊራንስ እንዲጨርስልኝ፣ መታወቂያዬን እንዲያስረክብልኝ›› የሚል በግልጽ ይጻፍ። ‹‹ጉዳዬን እንዲከታተልልኝ›› የሚል ውክልና መስኮት ላይ ይመለሳል፤ ፎርም ላይ መፈረም ይችል አይችል አይናገርምና።

ውክልናው እስኪደርስ ቀኑ እንዳያልፍ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደውሉ። ደብዳቤውን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኩ። ይህ ዋናውን አይተካም። ግን በዚያ ቀን ማሳወቃችሁን የሚያሳይ ምልክት ይሆናችኋል።

ፍሬሽማን ነኝ። የተለየ ነገር አለ?

አዎ። ፍሬሽማን የትምህርት ክፍል ምደባ አለበት። ምደባው በፍሬሽማን ውጤት ጭምር ስለሚሠራ አንድ ሴሚስተር የጎደለው ተማሪ በአብዛኛው ከባቹ ጋር አይወዳደርም፤ ከሚቀጥለው ባች ጋር ነው። ደብዳቤው ላይ ይህን ጥቀሱት፦ ‹‹የምደባ ውድድሬም ከ2018 ዓ.ም. ተማሪዎች ጋር እንዲሆን››። ገና ትምህርት ክፍል ስለሌላችሁ ግልባጩ የፍሬሽማን ፕሮግራሙን ለሚመራው ቢሮ ይሆናል።

የግል ኮሌጅ ወይም የማታ ተማሪ ነኝ።

ደብዳቤው ያው ነው። የሚለየው ክፍያው ነው። ማቋረጣችሁ ሳይጸድቅ ወርሃዊ ክፍያ መቆጠሩን አያቆምም። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ እስከ የትኛው ወር እንደከፈላችሁ ጻፉ፤ ደረሰኙንም አያይዙ። ውዝፍ ካለ ክሊራንሱ ይቆማል።

ጥያቄዬን ቢከለክሉኝስ?

መጀመሪያ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚከለከለው ጥያቄው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ማስረጃ ጎደለ፣ ቀን አለፈ፣ የምትመለሱበት አልተጻፈም። ጎዶሎውን ሞልታችሁ ድጋሚ ታስገባላችሁ። ምክንያቱ ከወረቀት ያለፈ ከሆነ ለኮሌጁ ዲን ይግባኝ ይባላል። ጉዳዩም በአካዳሚክ ኮሚሽኑ ሊታይ ይችላል። የዩኒቨርሲቲያችሁን ሴኔት ሌጂስሌሽን አንብቡ። ስለ ዊዝድሮውና ስለ ዳግም ቅበላ የሚናገረው ክፍል ጥቂት ገጽ ነው። አንቀጹን ጠቅሶ የሚጽፍ ተማሪ ሲመጣ ቢሮው በጥንቃቄ ያስተናግደዋል።

አትለማመጡ። ‹‹እግዚአብሔር ይስጥልን፣ አባት እናት ሁኑኝ›› የሚለው ደብዳቤ ለኃላፊው የሚወስንበት መሠረት አይሰጠውም። አትቆጡ። ለማስረጃ እንጂ ለቁጣ ቦታ የለም።

ልመለስ ስል ምን ላድርግ?

የመመለሻ ጊዜያችሁ ሲቃረብ ቤት ተቀምጣችሁ ጥሪ አትጠብቁ። የሚጠራችሁ የለም። ዳግም ቅበላ ከምዝገባው ቀን ቀደም ብሎ ይጠየቃል፤ የራሱ ቀነ ገደብ አለው። በተፈቀደላችሁ ጊዜ መመለስ ካልቻላችሁ ጊዜው ከማለፉ በፊት ማራዘሚያ ጠይቁ። ስንት ጊዜና እስከ መቼ ማቋረጥ እንደሚቻል ሌጂስሌሽኑ ገደብ ያስቀምጣል። ከዚያ ያለፈ ሰው እንደ አዲስ ነው የሚታየው።

ስትመጡ ሦስት ነገር ያዙ። ማህተም ያለበት ደብዳቤ፣ የዊዝድሮው ፎርሙ ኮፒና የመጨረሻ ውጤታችሁ። እነዚህን ይዛችሁ ከሬጅስትራሩ በፊት ትምህርት ክፍሉ ሂዱ። በሌላችሁበት ጊዜ ካሪኩለሙ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። የወሰዳችሁት ኮርስ ስሙ ተለውጦ፣ ወይም ለሁለት ተከፍሎ፣ ወይም ወደ ሌላ ሴሚስተር ተዛውሮ ታገኙታላችሁ። የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ ትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ይስጣችሁ። በቃል ከሆነ መመረቂያ ሲደርስ ‹‹ሦስት ክሬዲት ይጎድልሃል›› የሚል ነገር ይመጣል።

ያቺ የአካውንቲንግ ተማሪ እንዲህ አድርጋ ነው የተመለሰችው። የመጣችው በዓመቱ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ምዝገባው ሳይከፈት ነበር። እናቷ በከዘራ መሄድ ጀምረው ነበር። ከትምህርት ክፍሉ የኮርስ ዝርዝሯን አስፈርማ መስኮቴ ላይ ስትደርስ የጎደላት አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ እሱንም ከሰዓት በኋላ አምጥታ ሰጠችኝ።